አረፋ ዘጠነኛው፣ ዒዱ ዐሥረኛው

«አሰላሙ ዐለይኩም። ከጎንደር፣ ከአዲስ ዓለም ነው የምጽፍልሽ። አምና አንዲት ጓደኛዬ ‘አረፋን የጾመ የሁለት ዓመት ወንጀሉ ይማርለታል’ አለችኝ። እኔም አረፋ ለት ሌሊት ተነስቼ ሱሁር በልቼ ጾም ያዝኩ። ከዒድ ሶላት መልስ ምግብ ሲቀርብ አልበላም ብል አማቴ ‘ዛሬ መጾም ሐራም ነው፣ ማነው ይሄን ያስተማረሽ?’ ብለው ተቆጡኝ። አፈረስኩት፣ ግን እስካሁን ቅር እንዳለኝ ነው። ዘንድሮ እሳቸው ሐጅ ሊሄዱ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ‘እንግዳ ስለሚበዛ በጉን በዋዜማው ማታ አርደን እንደር’ ይላል። ለመሆኑ አረፋ መቼ ነው? የኛ ዒድስ ከሐጃጆቹ ጋር የሚገናኘው በምንድን ነው?»

ወዐለይኪ ሰላም፣ እህቴ።

ጓደኛሽ ልክ ናት። አማትሽም ልክ ናቸው። ሁለቱም ያወሩት ግን ስለተለያየ ቀን ነው፤ ስሙ አንድ ስለሆነ አንቺ መሀል ላይ ተሳሳትሽ። በኛ አገር በዓሉን በሙሉ «አረፋ» ብለን ነው የምንጠራው። «ለአረፋ በግ ገዛህ?» እንላለን፣ «እንኳን ለአረፋ አደረሰሽ» እንላለን። ጎንደርም እንዲሁ ነው፣ ወሎም እንዲሁ ነው፣ አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። ሙስሊም ያልሆነው ጎረቤታችን እንኳ ዒድ አል-አድሓ ከምትይው አረፋ ብትይው ቶሎ ይገባዋል። ነገር ግን አረፋ የተባለው ቀን በትክክል የሚታረድበት ቀን አይደለም። ከእርዱ በፊት ያለው ቀን ነው። አረፋ ዙልሒጃ 9 ነው። ዒዱ ዙልሒጃ 10 ነው። የሚጾመው 9ኛው ነው፣ 10ኛውን መጾም ክልክል ነው። ዕዳሽም ቅሬታሽም ከዚህ አንድ ቀን ስህተት የመጣ ነው።

ያን ጾም ማፍረስሽ ደግሞ ትክክል ነበር። በዒድ ቀን የተያዘ ጾም ጾም አይሆንም፣ ስለዚህ ቀዷ የምታወጪለት ነገር የለም። ሳታውቂ ያደረግሽው ነው። እሱን ከልብሽ አውጪው።

አሁን ከሥሩ እንጀምር፣ ምክንያቱም ዘጠነኛው ለምን አረፋ እንደተባለና ዐሥረኛው ለምን ዒድ እንደሆነ ካየሽ ሌላ ጊዜ ማንም ሳይነግርሽ ራስሽ ትቆጥሪዋለሽ።

ዙልሒጃ የእስልምና ዘመን አቆጣጠር 12ኛውና የመጨረሻው ወር ነው። ስሙም «የሐጅ ወር» እንደማለት ነው። ሐጁ ግን ወሩን ሙሉ አይደለም፣ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከ8ኛው እስከ 12ኛው ወይም 13ኛው ባሉት ቀናት ነው። አማትሽ ከሳምንታት በፊት ሊሄዱ ይችላሉ። መካ ገብተው ዑምራቸውን ያደርጋሉ፣ በሐረሙ ይሰግዳሉ፣ ይጠብቃሉ። ሐጃቸው የሚጀምረው 8ኛው ቀን ሲደርስ ነው።

8ኛው ቀን «የውሙ ተርዊያ» ይባላል። ተርዊያ ከውሃ መጠጣትና ማጠጣት የመጣ ቃል ነው። ድሮ ሚናም አረፋም ላይ ውሃ አልነበረም፣ ስለዚህ ሐጃጆች በዚህ ቀን ግመሎቻቸውን አጠጥተው፣ አቁማዳቸውን ሞልተው ነበር የሚወጡት። አሁን ውሃው እዚያው ይገኛል፣ ስሙ ግን ቀርቷል። አማትሽ በዚህ ቀን የሐጅ ኢህራማቸውን ነይተው ሚና ወደሚባለው የድንኳን ከተማ ይሄዳሉ። ከዙህር ጀምሮ እስከ ማግስቱ ፈጅር ያሉትን አምስት ሶላቶች እዚያ ይሰግዳሉ። ሚና ማደር ሱና ነው፣ ሐጁን የሚያጸና ወይም የሚያፈርስ ነገር አይደለም። የሚያጸናው የሚቀጥለው ቀን ነው።

9ኛው ቀን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ አረፋ ይጓዛሉ። አረፋ ከመካ በስተምሥራቅ፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ርቀት ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ዳሩ ላይ የነሚራ መስጂድ አለ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የራሕማ ተራራ የሚባለው ትንሽ ኮረብታ። ብዙ ሰው ተራራው ላይ መውጣት ግዴታ ይመስለዋል፣ አይደለም። ከሜዳው ድንበር ውስጥ መሆን ይበቃል፤ ይህንን ለአማትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በዚያ ሙቀት እግራቸውን አያድክሙ። ዙህርና ዐስር አንድ ላይ ተቀናንሰው ይሰገዳሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ያለው ጊዜ በሙሉ የዱዓ ነው። ይህ ነው ውቁፍ፣ መቆም የሚባለው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሐጅ ማለት አረፋ ነው» ብለዋል። አባባል ብቻ እንዳይመስልሽ፣ በተግባር የሚታይ ነገር ነው። አንድ ሐጃጅ ሚና ማደር ቢያመልጠው ሐጁ አይበላሽም። አንዳንድ ሌላ ሥራ ቢያመልጠው በእርድ ይካካሳል። አረፋ ላይ ግን በ9ኛው ቀን ወይም በሚከተለው ሌሊት፣ የ10ኛው ጎህ ሳይቀድ፣ ለትንሽ ጊዜ እንኳ ሳይገኝ ከቀረ የዚያ ዓመት ሐጁ አመለጠው። ምንም የሚክስለት ነገር የለም። ለዚህ ነው የታመሙ ሐጃጆች በአምቡላንስ ተጭነው አረፋ የሚደርሱት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ከሜዳው ይነሳል። መግሪብን እዚያ አይሰግዱም። በአረፋና በሚና መሀል ያለው ሙዝደሊፋ ደርሰው ከዒሻ ጋር አንድ ላይ ይሰግዱታል፣ እዚያው ሰማይ ሥር ያድራሉ፣ ጠጠር ይለቅማሉ። ሲነጋ 10ኛው ቀን ነው።

10ኛው «የውሙ ነሕር» ነው፣ የእርድ ቀን። ሐጃጆቹ ጠዋት ወደ ሚና ተመልሰው ጀምራ ከሚባሉት ሦስት የጠጠር መወርወሪያ ቦታዎች ትልቁን በ7 ጠጠር ይወግራሉ። ይታረድላቸዋል። ወንዶቹ ጸጉራቸውን ይላጫሉ ወይም ያሳጥራሉ፣ ሴቶች ጫፉን ብቻ ይቆርጣሉ። ከዚያ መካ ወርደው ዋናውን ጠዋፍ ያደርጋሉ። በዚያው ጠዋት እኛ እዚህ ጎንደር ታጥበን፣ አዲስ ልብስ ለብሰን፣ ተክቢራ እያልን ለዒድ ሶላት እንወጣለን። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርሽ፣ ሚና ላይ ያሉት ሐጃጆች የዒድ ሶላት አይሰግዱም። የነሱ ጠዋት የጠጠሩ ነው። እኛ ሶላቱ አለን፣ እነሱ ጠጠሩ አላቸው፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እርድ ላይ እንገናኛለን።

ያ እርድ የማን መታሰቢያ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ልጃቸውን ሊሠዉ ተዘጋጅተው አላህ በበግ የለወጠላቸው። ጠጠሩም፣ በሰፋና መርዋ መሀል ያለው ሩጫም፣ ዘምዘሙም የዚያው ቤተሰብ ታሪክ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በይ። የኛ ዒድ ሐጃጆቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱ የሚጠብቅ በዓል አይደለም። 10ኛው ሲነጋ የነሱ ሥራ ገና እኩሌታው ነው፤ 11ኛ፣ 12ኛ፣ አንዳንዶቹም 13ኛ ቀን ድረስ ሚና ቆይተው በየቀኑ ሦስቱን ጀምራዎች ሰባት ሰባት ጠጠር ይወግራሉ። ዒዱ የተከተለው ትልቁን ቀን ነው፣ አረፋን። የረመዷኑ ዒድ ከ29 ወይም ከ30 ቀን ጾም ቀጥሎ እንደሚመጣው፣ ይሄኛው ከአረፋ ቀጥሎ ይመጣል። በኛ ቋንቋ በዓሉ «አረፋ» መባሉም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ስሙን ጥዪ አልልም፣ እኔም አረፋ እያልኩ ነው ያደግኩት። ጾም ሲነሳ ብቻ «የቱ አረፋ?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ቆጠራው። አምናን እንውሰድ፣ 2017ን፣ አንቺም የተሳሳትሽበት ዓመት ስለሆነ። ግንቦት 19 ማክሰኞ ነበር፣ ከዙልሒጃ በፊት ያለው የዙልቀዕዳ ወር 29ኛ ቀን። በዚያ ምሽት ሳዑዲ ላይ ጨረቃዋ ታየች ተባለ። ስለዚህ በማግስቱ ረቡዕ ግንቦት 20 ዙልሒጃ 1 ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጣትሽን እያጠፍሽ መቁጠር ነው። ረቡዕ ግንቦት 27 ስምንተኛው ነው፣ ሐጃጆች ወደ ሚና ወጡ። ሐሙስ ግንቦት 28 ዘጠነኛው ነው፣ አረፋ ላይ ቆሙ። አርብ ግንቦት 29 ዐሥረኛው ነው፣ ዒዱ ሆነ። አንቺ መጾም የነበረብሽ ሐሙስ ነበር። የጾምሽው አርብ ነው።

ያን ማክሰኞ ማታ ጨረቃዋ ባትታይስ? ዙልቀዕዳ 30 ይሞላ ነበር፣ አረፋው አርብ፣ ዒዱ ቅዳሜ ይሆን ነበር። እንዲያ የቆጠሩ አገሮችም ነበሩ፤ ሞሮኮ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን አምና በዓሉን ያከበሩት ቅዳሜ ነው። እኛ ከመካ ጋር አርብ ዋልን።

ከዚህ የምትወስጂው አንድ ነገር አለ። ይህ ዒድ እንደ ረመዷኑ ድንገት አይመጣም። የረመዷኑን «ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?» እያልን እስከ ማታ ሬዲዮና ስልክ ላይ አፍጥጠን ነው የምናመሸው። ለዚህኛው ግን ጨረቃ የምትጠበቀው በወሩ መግቢያ ስለሆነ፣ መጅሊሱ ዙልሒጃ መግባቱን ካሳወቀ በኋላ አረፋውንም ዒዱንም ዘጠኝ ቀን ያህል ቀድመሽ ታውቂያለሽ። በግ ለመግዛትም፣ ለጾሙ ለመዘጋጀትም፣ እንግዳ ለመጥራትም ጊዜ አለ። ወሩ ሳይገባ የወጣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለው ግምት ነው፣ አንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል።

ዘንድሮ መቼ ነው ካልሽ፣ የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2014 ሐምሌ 2 ነበር፣ በ2015 ሰኔ 21፣ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ግንቦት 29። ስለዚህ በ2018 ግንቦት 18 ወይም 19 አካባቢ ጠብቂ። የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው ግን ጨረቃዋ ናት።

አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና የሚቆጥሩበት ዘዴ ነበራቸው። ዙልሒጃ ገባ የተባለ ማታ ዐሥር ሽምብራ ቆጥረው በሲኒ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በየቀኑ መግሪብ ሲሰግዱ አንድ እያወጡ ለኔ ይሰጡኛል፣ እኔም እየቆረጠምኩ «ስንት ቀረ?» እላለሁ። ሁለት ሽምብራ ሲቀር «ነገ አረፋ ነው፣ እኔ እጾማለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ» ይሉኝ ነበር። ሽምብራው ለምን በመግሪብ እንደሚወጣ የገባኝ አድጌ ነው። በእስልምና ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሌሊቱ ቀድሞ ቀኑ ይከተላል። ረቡዕ ማታ መግሪብ ካለፈ የሐሙስ ሌሊት ገብቷል እንላለን። ስለዚህ ለአረፋ ጾም ሱሁር የምትበዪው በ9ኛው ሌሊት ነው፣ የምታፈጥሪው ደግሞ 10ኛው ሌሊት ሲገባ ነው።

ይህን ካልኩሽ ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልምጣ፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት ሊሠራ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ተከራክሮ «ቀን የሚገባው በመግሪብ ከሆነ፣ ሐሙስ ማታ ዐሥረኛው ገብቷል፣ ታዲያ ማታውኑ ብናርድ ምን አለ?» ሊል ይችላል። በቆጠራው ልክ ነው፣ ሌሊቱ የዐሥረኛው ነው። ኡዱሒያ፣ ማለት የዒዱ የመሥዋዕት እርድ፣ ግን ሌሊቱን ሳይሆን ሶላቱን ነው የሚጠብቀው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ቀን መጀመሪያ የምንሠራው መስገድ፣ ከዚያ ተመልሶ ማረድ ነው ብለዋል። ከሶላት በፊት ያረደ ለቤተሰቡ ሥጋ አቀረበ እንጂ ኡዱሒያ አላደረገም ብለዋል። አቡ ቡርዳ የሚባሉ ሶሐባ ይሄው ገጥሟቸዋል። ቀኑ የመብልና የመጠጥ ነው፣ ቤተሰቤም ጎረቤቴም ቀድሞ ይብላ ብለው ከሶላት በፊት አረዱ። ሐሳባቸው እንደ ባለቤትሽ ደግ ሐሳብ ነበር። ነብዩ ግን ያንተ በግ የሥጋ በግ ነው አሏቸው፣ ሌላ ማረድ ነበረባቸው።

ባለቤትሽን እንዲህ ብለሽ አስረጂው። በዋዜማው ያረድነው በግ ሐራም አይደለም፣ ይበላል፣ ግን የኡዱሒያ ምንዳ የለውም፣ ዋጋውም እንደ አንድ ተራ የሥጋ በግ ነው። የዘንድሮን በግ ዋጋ ገበያ ወጥቶ ያየው እሱ ነው፤ ያን ሁሉ አውጥቶ ሱናው ቢያመልጠው አያሳዝንም?

የእንግዳው ነገር ደግሞ መላ አለው። በዋዜማው ዶሮ ወይም ሥጋ ቤት የተገዛ ሁለት ኪሎ ሥጋ ሠርተሽ አሳድሪ። ጠዋት ቀድሞ ለሚመጣው እሱ ይቀርባል። ባለቤትሽ ከሶላት ሲመለስ ያርዳል፣ ለምሳ ቅቅሉም ጥብሱም ይደርሳል። ጠዋት አራጅ አጥቶ ቢጨነቅ ወይም እንግዳው ቢበዛባችሁ ግዴለም፣ እርዱ በዚያው ቀን ማለቅ የለበትም። በብዙዎቹ መዝሀቦች እስከ 12ኛው ቀን፣ በሻፊዒ መዝሀብ እስከ 13ኛው ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ ማረድ ይቻላል። አምና ቢሆን አርብ ያልተመቸው ቅዳሜ ወይም እሁድ ማረድ ይችል ነበር። ባለቤትሽ አንድ ቀን መቅደም ፈለገ፣ ሸሪዓው ግን የፈቀደው ወደ ኋላ ማቆየትን ነው። ዘግይቶ ቢያርድ ይያዝለታል፣ ቢቀድም አይያዝለትም።

በነገራችን ላይ፣ በጉን የሚያርደው ባለቤትሽ ዙልሒጃ 1 ከገባ እስኪያርድ ድረስ ጸጉሩንና ጥፍሩን እንዳይቆርጥ ይመከራል። ጸጉሩን ሊስተካከል ካሰበ ወሩ ከመግባቱ በፊት ይሂድ።

የጾሙን ነገር ላጠቃልልሽ። የአረፋ ጾም ሱና ነው፣ ግዴታ አይደለም። ጓደኛሽ የነገረችሽ ሐዲስ በሙስሊም የተዘገበ ነው፤ ያለፈውን ዓመትና የሚመጣውን ዓመት ወንጀል ያስምራል ይላል። ዑለማዎች እዚህ ላይ የተባሉት ትንንሽ ወንጀሎች ናቸው ይላሉ፣ ትልልቁ ተውበት ይፈልጋል፣ የሰው ሐቅም መመለስ አለበት። ጾሙ ግን ለኛ ነው፣ ቤታችን ለቀረነው። አማትሽ አረፋ ላይ ቆመው አይጾሙም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እዚያ ሜዳ ላይ በግመላቸው እንደተቀመጡ ሰዎች «ጾመዋል ወይስ አልጾሙም?» እያሉ ሲከራከሩ፣ ኡሙል ፈድል የሚባሉ እናት ወተት ላኩላቸው፣ ሰው ሁሉ እያየ ጠጡት። ሐጃጁ ኃይሉን ለዱዓ ይፈልገዋል። ስለዚህ በ9ኛው ቀን አንቺ ጎንደር ስትጾሚ አማትሽ ይበላሉ፣ በ10ኛው ሁላችሁም ትበላላችሁ። ከ11 እስከ 13 ያሉት የተሽሪቅ ቀናት ይባላሉ። እነሱም የመብልና አላህን የማውሳት ቀናት ናቸውና አትጹሚባቸው። «ዒዱን አሳልፌ ልጹም» እንዳትይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የኛ አገር ቀንና የመካ ቀን አንድ ዓመት ቢለያይስ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። በዚህ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ አረፋ ማለት ሐጃጆች የቆሙበት ቀን ነውና በዚያ ቀን ጹሙ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሰው በአገሩ ጨረቃ 9ኛ የሆነውን ይጹም ይላሉ። ጾማችሁ አብራችሁ የምትጾሙበት፣ አድሓችሁም አብራችሁ የምታርዱበት ቀን ነው የሚል ሐዲስ አለ፣ እኔ ወደዚህ ነው የማደላው። በሰፈርሽ መስጂድ ጀምዓው በተስማማበት ቀን ሂጂ። ብቻሽን ስልክ ላይ ያየሽውን ይዘሽ ከቤተሰብሽ ጋር አትጣዪ። እንደ አምናው ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ሌላም ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ጎንደርና መካ በሰዓት አንድ ናቸው፣ እዚህ 6 ሰዓት ሲሆን እዚያም 6 ሰዓት ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይዋ የምትጠልቀውም በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ነው። አንቺ ቴምሩን ይዘሽ የመግሪብ አዛን ስትጠብቂ፣ አማትሽ አረፋ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የመጨረሻዋን ዱዓ እያደረጉ ነው። አንቺ ስታፈጥሪ እሳቸው ወደ ሙዝደሊፋ ሊነሱ ነው። ጾመኛም ሲያፈጥር ዱዓው አይመለስምና ያቺን ሰዓት ወጥ ቤት አታሳልፊያት። ወጡ ቀድሞ ይሠራ።

ለአማትሽም ሁለት ነገር አስቢላቸው። አንደኛው ስልክ ነው። አረፋ ለት ከሰዓት በኋላ «እንኳን አደረሰዎ» ብላችሁ ተራ በተራ እንዳትደውሉላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቋት ሰዓት ናት፣ ለ«ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ምሳ በሉ ወይ» አትሰጥም። ዱዓ የሚደረግለት ሰው ስም ካለ ከዚያ በፊት በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው። ደውዪላቸው ከተባለ በ10ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይም በ11ኛው ይሻላል፣ የመጀመሪያው ጠጠርና ጠዋፍ ካለቀ በኋላ ትንሽ ያርፋሉ። ሁለተኛው፣ እሳቸው እዚያ የሚታረድላቸው የሐጅ እርድ ነው፣ ሀድይ ይባላል። ዑምራቸውን ቀድመው አድርገው ከኢህራም ወጥተው ለሐጁ እንደገና ከገቡ ግዴታቸው ነው፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን ከፍለው ይታረድላቸዋል። ያ የእናንተን የጎንደር በግ አይተካም። «እማዬ እዚያ አርደዋልና እኛ ዘንድሮ ይቅርብን» ብሎ ባለቤትሽ ሊያስብ ይችላል፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው በዪው።

ተክቢራውን ደግሞ ከአረፋው ቀን ፈጅር ጀምረሽ ከየሶላቱ በኋላ እስከ 13ኛው ቀን ዐስር ድረስ በዪ። ልጆች ካሉሽ አብረውሽ ይበሉ፣ ቆጠራውንም በዚያው ይማሩታል።

ዙልሒጃ ገባ ሲባል አማትሽ ምናልባት መካ ናቸው። ያን ማታ ሽምብራውን ቁጠሪ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ «እማማ፣ አምና ልክ ነበሩ፣ እኔ ቀኑን ነበር የሳትኩት» በያቸው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሁሉንም ዐውፍ ተባብሎ ነው የሚሄደው፣ እሳቸውም ያን ቃል ከአንቺ ሳይሰሙ ባይሄዱ ደስ ይለኛል።